ከግድግዳው ማዶ ያለ ድምፅ፤ ለአከራያችን የጻፍነው ደብዳቤና የእርቁ ውል

አዳማ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ የሚከራየው ክፍል ብቻ አይደለም፤ ግቢም አብሮ ይከራያል። አንድ የብረት በር፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ በአንድ ቆርቆሮ ሥር የተደረደሩ አራት አምስት ክፍሎች። ቡናው አብሮ ይጠጣል፣ ሕፃን ሲታመም ጎረቤት ይሮጣል። የዚያኑ ያህል ደግሞ የአንዱ ድምፅ የሁሉም ድምፅ ነው። ግቢ ውስጥ ከሚነሱ ጠቦች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከውሃ፣ ከመብራት ቆጣሪ ወይም ከድምፅ ነው። ውሃና መብራት በቆጣሪ ይለካሉ፤ ድምፅ ግን ለአንዱ ጨዋታ ለሌላው ሕመም ስለሆነ ሽማግሌንም ያስቸግራል።

የከተማችን አየርም የራሱ ድርሻ አለው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉት ከተሞች፣ ከሞጆና ከአዳማ እስከ መቂና ባቱ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ይሞቃሉ። ሰው መስኮቱን ከፍቶ ይተኛል፣ በሩን ከፍቶ ያመሻል፣ ደጅ ወጥቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ደጋ ላይ በተዘጋ በር የሚታፈን ሙዚቃ እዚህ እንዳለ ይገባል። የጎረቤት ድምፅ ያስቸገራቸው እናቶችና አያቶች ብዙ እንደሆኑ ስለማውቅ፣ በእኛ ግቢ ነገሩ እንዴት በእርቅ እንደተፈታ በዝርዝር ልጻፍ።

የእኛ ግቢ

የምንኖረው ሦስት ነን፤ እኔ፣ የአምስት ወር ሕፃን የምታጠባው ልጄና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የልጅ ልጄ። ሕፃኑን ስንጨምር አራት መሆናችን ነው። ግድግዳ የምንጋራው ባጃጅ ከሚነዳ ወጣት ጋር ነው። ወጣቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካናችንን በባጃጁ ጭኖ ያመጣልናል። ነገር ግን ትልቅ ስፒከር ገዛ። ማታ ሲገባ ይከፍተዋል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ባጃጁን ክፍላችን ደጃፍ ላይ ያስነሳና እስኪሞቅ ያቆየዋል፤ ከዚያም የብረቱ በር እያንቋረረ ይከፈታል፣ መቀርቀሪያው ይወረወራል።

መጀመሪያ ያደረግነው ራሱን ማናገር ነበር። ይህን ደረጃ መዝለል ደግ አይደለም። በስተኋላ የሚቀመጡት ሽማግሌዎችም «ለእሱ ነግራችሁታል ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያናገርኩት ሙዚቃው በተከፈተበት ሰዓት ሳይሆን በማግስቱ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሳይሰበሰብ ነው። «እሺ እትዬ፣ ይቅርታ» አለ። ለአራት ቀን ቀነሰ፤ ከዚያ ተመለሰ። ሁለተኛ ጊዜ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ፤ «እኔም ኪራይ እከፍላለሁ እኮ» አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ብናገረው ጠብ እንደሚሆን ገባኝ። ጊዜው ወደ አከራያችን የሚኬድበት ነበር።

የሁለት ሳምንቱ ደብተር

አከራያችን የሚኖሩት ባቱ ነው፤ ወደ ግቢው የሚመጡት በወር አንዴ ነው። እንዲህ ላለ ሰው «ልጁ ይረብሻል» ብሎ ስልክ መደወል ብዙም አይጠቅምም። «ስንት ሰዓት? በምን? ስንት ቀን?» ብለው ቢጠይቁ መልስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የልጅ ልጄ ከደብተሩ አንድ ገጽ ሰጠኝና አራት መስመር አሰመርኩበት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የድምፁ ዓይነት፣ በቤታችን ምን እንዳስከተለ። ስድብም አስተያየትም አልጻፍኩበትም። ድምፅ አልባ ያደረባቸውን ቀናትም ጽፌያለሁ፤ ደብተሩ እንዲታመን የሚያደርጉት እነሱ ናቸውና።

በአሥራ አራተኛው ቀን ቁጭ ብለን ስናነበው ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። ከአሥራ አራቱ ቀን ዘጠኙን ምሽት ሙዚቃ ነበር፤ ነገር ግን ሕፃኑ በሙዚቃ የነቃው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሕፃኑን የሚቀሰቅሰው የንጋቱ ባጃጅና የበሩ መቀርቀሪያ ነበር፤ አሥራ ሁለት ቀን። ሙዚቃው የጎዳው የልጅ ልጄን ነው፤ የሚያጠናው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነውና። ስለዚህ «ረብሻ» ብለን በአንድ ቃል የጠራነው ነገር ሁለት የተለያየ ነገር ሆኖ ተገኘ። አንደኛው የደስታ ድምፅ ነው፤ ሊቀነስ ይችላል። ሁለተኛው የእንጀራ ድምፅ ነው፤ ወጣቱን «በንጋት ሥራ አትውጣ» ሊለው የሚችል ሰው የለም። ሁለቱን ሳንለይ ብንከሰው ኖሮ፣ እሱም ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ «ሥራዬን ሊያስተዉኝ ነው» ይል ነበር።

ሕጉ የሚለውና የማይለው

ከደብዳቤው በፊት ሕግ የሚያውቅ ዘመዳችንን ጠየቅን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን ማወክ እንደሌለበት፣ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና መንቀጥቀጥ ከመልካም ጉርብትና ወሰን ማለፍ እንደሌለበት ይደነግጋል። ወሰኑ ሲታይም የአካባቢው ልማድ ከግምት ይገባል። ለዚህ ነው የለቅሶ ድንኳን ሌሊቱን ሙሉ ሲያመሽ ማንም የማይከሰሰው፤ ሰርግና ክርስትናም እንደዚሁ። ልማድ የማይሸከመው የየዕለቱን ነው።

በአገራችን የአካባቢ ጥበቃ መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የድምፅ መጠን ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት 55 ዴሲቤል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት 45 ዴሲቤል ነው። ለመገመት ያህል፣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲነጋገሩ ድምፃቸው 60 ገደማ ነው። የስልክ መለኪያ ግምት እንጂ ማስረጃ ስላልሆነ እኛ አልለካንም። ሰዓቱን ግን ከደብተራችን ጋር አስተያየን። የንጋቱ 11 ሰዓት በሕጉ «ሌሊት» ነው። ልጁ የሚያጠናበት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ግን «ቀን» ነው፤ ጥብቁ የሌሊት መጠን አይደርስለትም። ስለዚህ የሕጉን ሰዓት ይዘን ብንከራከር ኖሮ ለሕፃኑ እንረታ፣ ለተማሪው እንረታለት እንደሆነ አጠራጣሪ ነበር። በሽምግልና ግን ሰዓቱን የምንወስነው እኛው ነን። የምንጠይቀው ፍርድ ሳይሆን እርቅ እንዲሆን የወሰንነው ለዚህ ነው።

ደብዳቤው

ለአከራይ የሚጻፍ አቤቱታ አጭር ቢሆን፣ በአንድ ገጽ ቢያልቅ ይሻላል። የእኛ እንዲህ ይል ነበር፦

«ይድረስ ለተከበሩ አከራያችን፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ይህን የምጽፍልዎ ግድግዳ ከምንጋራው ጎረቤታችን ጋር በድምፅ ምክንያት ስላልተግባባን ነው። ከጥር 4 እስከ ጥር 17 ድረስ የያዝነውን የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በማስታወሻው እንደሚያዩት፣ ዘጠኝ ቀን ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይከፈታል፤ የልጅ ልጄ ማጥናት አልቻለም፤ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ንጋት 11 ሰዓት ላይ ባጃጁ ከደጃፋችን ሲነሳና የግቢው በር ሲከፈት ሕፃኑ ይነቃል።

ጎረቤታችንን ሁለት ጊዜ በሰላም አናግሬዋለሁ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ረድቶናል። ከግቢው እንዲወጣ አንፈልግም፤ ሥራውንም እንዲተው አንጠይቅም። የምንጠይቀው ሁለታችንንም በአንድ ላይ አስቀምጠው እንዲያነጋግሩን ነው። ፈቃድዎ ከሆነ ሁለታችንም የምናከብራቸው ሁለት ሽማግሌዎች ይገኙልን። በሚመጣው ወር ለኪራይ ሲመጡ ቢሆን ለእኛ ይመቸናል። የግቢው በር ማጠፊያና ከኮርኒሱ በላይ ያለው የግድግዳ ክፍተት በእርስዎ በኩል ቢታይ ደግሞ ግማሹ ችግር የሚቀል ይመስለናል።

ከአክብሮት ጋር።»

ከታች ቀንና ፊርማ አለበት፤ አንድ ቅጂ በእጃችን አስቀረን። ከሁሉ የከበደን «እንዲወጣ አንፈልግም» የሚለው መስመር ነው፤ ልጄ በንዴት ነበርና «ምን አገባን?» ብላ ተከራክራኛለች። ያለዚያ መስመር ግን አከራዩ ከሁለት ተከራይ አንዱን መምረጥ የተጠየቁ ይመስላቸዋል። አከራይ መምረጥ ካለበት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ሕፃን የሌለውንና በወቅቱ የሚከፍለውን ነው። በተጨማሪም ተከራይን ማስወጣት እንደ ድሮው በአንድ ቃል አያልቅም፤ የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ተመዝግቦ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይጸናል። ስለዚህ እርቅ ለአከራዩም የቀለለ መንገድ ነው።

ቅሬታችን እንደተላከ ለጎረቤታችን የነገርኩት እኔው ነኝ። «ለጋሼ ጽፌላቸዋለሁ፤ እንዲያስወጡህ ሳይሆን እንዲያስታርቁን ነው» አልኩት። ከሰው አፍ ቢሰማው ኖሮ ክስ ይሆን ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት

ሽማግሌዎቹን ስንመርጥ አንዱን እኛ፣ አንዱን ጎረቤታችን ጠራ። የእኛው የእድራችን ዳኛ ናቸው። የእሱ የአባቱ ወዳጅ፣ በሰፈራችን «ጃርሳ» ተብለው የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በኦሮሞ ባህል ጃርሱማ የሚባለው ሽምግልና የለመዳቸው ናቸው። የተቀመጥነው በእኛም በእሱም ቤት ሳይሆን ግቢው መሐል ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ በማንም ቤት የሚደረግ እርቅ የባለቤቱ ይመስላልና። ወጣቱ ነገሩ ሲከብደው በኦሮምኛ እንዲናገር ጃርሳው ፈቀዱለት፤ ለእኛ እሳቸው ተረጎሙልን። ሰው ሲቆጣና ሲያዝን በአፉ በፈታበት ቋንቋ ቢናገር እውነቱ ቶሎ ይወጣል።

መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ፣ ማንም አላቋረጠኝም። ቀጥሎ እሱ ተናገረ። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ገደማ እንደሚገባ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ ቤቱ ሲገባ ሙዚቃ ብቻ እንደሚያሳርፈው፣ ሥራ በቀዘቀዘባቸው ቀናት ደግሞ በ1 ሰዓት ገብቶ እንደሚያመሽ ነገረን። ባጃጁ ካልሞቀ መንገድ ላይ እንደሚጠፋበትም አስረዳን። ሙዚቃው «ያን ያህል» እንዳልሆነ ግን ከልቡ ያምን ነበር።

ያን ጊዜ ጃርሳው አንድ ነገር አዘዙ። ልጁ ሁልጊዜ በሚያደርገው መጠን ሙዚቃውን እንዲከፍትና ከእኛ ጋር የልጅ ልጄ የሚያጠናበት ክፍል እንዲገባ። ገባን። ግጥሙ አይሰማም፤ የከበሮው ምት ግን ወንበሩን ያንቀጠቅጣል። ወጣቱ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቆየና «ይህ እኔ ጋ አይሰማም» አለ። እውነቱን ነው። ወፍራሙ ድምፅ ግድግዳ ይሻገራል፤ ቀጭኑ ይቀራል። ስፒከሩ ደግሞ ወለሉ ላይ፣ ከምንጋራው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነበር የቆመው። ከዚያ በላይ፣ ግድግዳው የሚያበቃው ኮርኒሱ ጋ ነው፤ ኮርኒሱም ከማዳበሪያ ሸራ የተወጠረ ነው። ከእሱ በላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ያለው ባዶ ቦታ ለሁሉም ክፍል አንድ ነው። ይህ በብዙ ሰርቪስ ቤት ያለ ነገር ነው። የእናንተም እንደዚያ መሆኑን ለማወቅ፣ ጎረቤት በመደበኛ ድምፅ ሲያወራ ቃሉ ከላይ በኩል ጥርት ብሎ የሚሰማችሁ ከሆነ፣ ግድግዳው ከቆርቆሮው አልደረሰም ማለት ነው።

የተስማማንባቸው

ውሉ አንድ ገጽ ነው። ስፒከሩ ከጋራው ግድግዳ ወደ ተቃራኒው ይዛወራል፤ ከወለሉ ተነሥቶ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ይደረግበታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ሙዚቃው በጆሮ ማዳመጫ ይሆናል፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ከክፍሉ እንዳይወጣ ሆኖ ይቀነሳል። ቅዳሜ ማታ የእሱ ነው፤ እስከ 4 ሰዓት እኛ አንናገርም። ባጃጁ ማታውኑ ከበሩ አጠገብ ይቆማል፤ ንጋት ላይ በእጅ ተገፍቶ ከወጣ በኋላ ውጭ ይነሳል።

እኛም የሰጠነው አለ። ሕፃኑ ቀን ሲያለቅስና ልጄ ቡና ስትወቅጥ ወጣቱ በዕረፍት ቀኑ እንደማይተኛ ያን ቀን ነው የሰማነው። እሑድ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ሙቀጫ እንዳይነሳ ተስማማን። እርቅ አንዱ ብቻ የሚሰጥበት ከሆነ ብዙም አይቆይም።

አከራዩ ለበሩ ማጠፊያ ግራሶ ሊያስቀቡ፣ መቀርቀሪያው የሚያርፍበት ላይ ያረጀ የጎማ ቁራጭ ሊያሰሩ፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለውንም ክፍተት በብሎኬት ሊያስደፍኑ ቃል ገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በምስክርነት ፈረሙ። በሕጋችን በጽሑፍ የሚደረግ ውል ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች ሊኖሩት እንደሚገባ ዘመዳችን ነግሮን ስለነበር ይህን አልዘለልንም። በመጨረሻም አንድ መስመር ተጨመረ፦ ከአንድ ወር በኋላ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ይጠይቃሉ። ይህ መስመር ባይኖር ውሉን የጣሰውን የሚናገረው ተበዳዩ ብቻ ይሆን ነበር፤ ጠቡም እንደገና ከሁለቱ መካከል ይጀመር ነበር።

ወሩ ሲሞላ ተጠየቅን። በሩ ዝም ብሏል፣ ባጃጁ ውጭ ይነሳል፣ ሕፃኑ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ይተኛል። ስፒከሩ ተዛውሯል፤ የከበሮው ምት ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ክፍተቱ ያልተደፈነው የብሎኬት ዋጋ ተወድዶ ነው ተብሏል። ጎረቤታችን ሁለት ማታ ረስቶ ከፍ አድርጎት ነበር። የልጅ ልጄ ግድግዳውን አንዴ ሲያንኳኳ ቀነሰ። ይህም ውሉ ላይ ያልተጻፈ፣ ሁለቱ ወጣቶች በራሳቸው የፈጠሩት ምልክት ነው።

እርቁ እምቢ ካለ

ሁሉም ግቢ እንዲህ አይሆንም። አከራዩ «እናንተው ተስማሙ» ብሎ እጁን ሊያወጣ፣ ጎረቤትም ሽምግልናውን እምቢ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የደብዳቤው ቅጂና ደብተሩ ይጠቅማሉ፤ ወደ ቀበሌ ሲኬድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ተሞከረ የሚለው ነውና። በኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ዕውቅና የተሰጣቸው የባህል ፍርድ ቤቶችም አሉ፤ ሁለቱም ወገን ፈቅዶ ከቀረበ እንዲህ ያለውን የጎረቤት ጉዳይ ያያሉ፤ ያልተስማማ ሰው ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት የሚሄድበት መንገድም አልተዘጋም። ሁለቱም ካልፈቀዱ ግን እዚያ ሊዳኙ አይችሉም።

አከራይ የማይፈታውም ድምፅ አለ። ከግቢው ውጭ ያለ መጠጥ ቤት፣ የእንጨት ወይም የብረት ሥራ ቤት፣ የመንገድ ላይ ማጉያ የአስተዳደሩ ጉዳይ ነው፤ ለአከራይ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው። ድምፁ የጠብ፣ የጩኸት፣ ሰው የሚደበደብበት ድምፅ ከሆነ ደግሞ ደብተርም ሽማግሌም አይጠበቅም፤ ፖሊስ ይጠራል።

ለአያቶችና ለወላጆች ከእኛ ግቢ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት መዝግቡ። በተቆጣችሁበት ድምፅና ልጁን በእርግጥ በሚቀሰቅሰው ድምፅ መካከል ልዩነት ካለ የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ለአከራያችሁም «ሰውየውን አስወጡልኝ» ሳይሆን «ይህን ሰዓትና ይህን ነገር አስተካክሉልን» ማለት የምትችሉት ያን ጊዜ ነው።